የማያስታውሰው ሰርቨርና የሴሽን መለያው

ተጠራጣሪ፦ ቴሌብርን በ*127# የተጠቀመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዩኤስኤስዲ የሚባለው፣ በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚከፈተው የስልክ ምናሌ ተራ በተራ የሚሄድ ንግግር ነው፤ ምናሌው ይጠይቃል፣ ደንበኛው ቁጥር ጽፎ ይመልሳል፣ ምናሌው ደግሞ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ምናሌ ጀርባ ያለው ፕሮግራም መልእክቶቹን የሚቀበለው በኤችቲቲፒ፣ ማለትም ድረ ገጾች በሚመላለሱበት ደንብ፣ ሲሆን ግን እያንዳንዱን መልስ ከዚያ በፊት ምንም እንዳልተባለ አድርጎ ያስተናግደዋል። ደንበኛው «500» ብሎ ሲጽፍ፣ ከጥቂት ሴኮንዶች በፊት «ስንት ብር ይላክ?» ብሎ የጠየቀው ያው ሰርቨር ሆኖ ሳለ፣ 500 የብር መጠን ይሁን የምናሌ ምርጫ ለይቶ አለማወቁ ጉድለት እንጂ የንድፍ ብልሃት ሊባል የሚችልበት ምክንያት በቀላሉ አይታይም።

አስረጂ፦ ጉድለት መሆን አለመሆኑን ለመመዘን በመጀመሪያ መንገዱን ማየት ይበጃል። ከስልኩ እስከ ቴሌኮም ኔትወርኩ ድረስ ያለው ክፍል ንግግሩን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ክፍት አድርጎ ይይዘዋል፤ እዚያ ላይ የሚረሳ ነገር የለም። ኔትወርኩንና የአገልግሎት ሰጪውን ፕሮግራም የሚያገናኘው ጌትዌይ የሚባለው መሃል አገናኝ ነው፤ እርሱ ደንበኛው በጻፈ ቁጥር አንድ የኤችቲቲፒ ጥያቄ አዘጋጅቶ ወደ ፕሮግራሙ ኤፒአይ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ጥያቄ እንዲያቀርቡበት ወደተከፈተው በር፣ ይልካል፤ ምላሹንም ተቀብሎ ወደ ስልኩ ይመልሳል። አንድ ንግግር አራት መልስ ካለው መልሶቹን የያዙ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ይላካሉ ማለት ነው። ኤችቲቲፒ ደግሞ በ1991 በመጀመሪያ መልኩ ሲወጣ አንድ መስመር ጥያቄ ተልኮ፣ አንድ ሰነድ ተመልሶ፣ መስመሩ የሚዘጋበት እጅግ ቀላል ደንብ ነበረ። በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 የተባለው መደበኛ ሰነድም ይህንኑ ባሕርይ አጽንቶታል፦ እያንዳንዱ ጥያቄ ከሌሎች ተነጥሎ ለብቻው ትርጉም ሊሰጥ ይገባዋል። ስቴትለስ፣ ማለትም ያለፈውን ሁኔታ በራሱ የማይዝ፣ የሚባለው ይህ ነው።

ተጠራጣሪ፦ የ1991ዱ ቅለት ዛሬን ሊያስረዳ አይችልም። ከኤችቲቲፒ 1.1 ወዲህ መስመሩ ከአንድ ጥያቄ በኋላ አይዘጋም፤ ተከታታይ ጥያቄዎች በአንድ ክፍት መስመር ይተላለፋሉ። መስመሩ አንድ ከሆነ በዚያ መስመር የመጡትን መልእክቶች የአንድ ንግግር ክፍሎች አድርጎ መያዝ ምን ይከለክላል?

አስረጂ፦ የሚከለክለው መስመሩ የማን እንደሆነ ሲታይ ይገለጣል። ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘው የደንበኛው ስልክ ሳይሆን ጌትዌዩ ነው፤ ጌትዌዩም በተመሳሳይ ሰዓት ምናሌ የከፈቱ የብዙ ሰዎችን መልስ በዚያው በአንድ መስመር እያፈራረቀ ያስተላልፋል። የአንዷ ነጋዴ 500 እና የአንዱ ተማሪ 2 አንዱ ከሌላው ኋላ ሊደርሱ ይችላሉ፤ የላኪው የኢንተርኔት አድራሻም የጌትዌዩ ስለሆነ ሁለቱን አይለይም። እንዲህ ያለ መደባለቅ እንዳይደርስ ለመከላከል፣ አርኤፍሲ 9110 መስመሩ የተጠበቀና ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተወሰነ ካልሆነ በስተቀር፣ በአንድ መስመር የመጡ ሁለት ጥያቄዎች ከአንድ ተጠቃሚ መጡ ብሎ መገመትን በግልጽ ይከለክላል። ሰርቨሩ አለማስታወሱ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ነው፤ መስመሩን ተማምኖ ቢያስታውስ የሚያስታውሰው የሰው ገንዘብ ከሰው ስም ጋር አቀላቅሎ ይሆን ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ከሆነም መድኃኒቱ በእጅ ያለ ነው። ጌትዌዩ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሩ በዓለም ላይ የአንድ ደንበኛ ብቻ ስለሆነ፣ በስልክ ቁጥሩ መዝገብ ከፍቶ ንግግሩን መከታተል ይበቃል። ሌላ መለያ መፍጠር ሥራን ማብዛት ነው።

አስረጂ፦ ስልክ ቁጥር ሰውን ይለያል፤ ንግግርን ግን አይለይም። ልዩነቱ የሚታየው ነገሩ ሲበላሽ ነው። አንድ ደንበኛ «ገንዘብ ለመላክ» የሚለውን መርጦ፣ የተቀባዩን ቁጥር አስገብቶ፣ መጠኑን 500 ብሎ ጻፈ እንበል። ጌትዌዩ መልሱን ወደ ሰርቨሩ ቢልክም መልእክቱ መንገድ ላይ ዘገየ፤ ደንበኛው ስክሪኑ ሲዘጋበት ወዲያው እንደገና ደወለና በዚህ ጊዜ የአየር ሰዓት መሙላትን መረጠ፤ ምናሌውም «ስንት ብር ይሞላ?» ብሎ ጠየቀው። የዘገየው 500 አሁን ቢደርስ፣ በስልክ ቁጥር ብቻ የሚመራው ፕሮግራም መዝገቡን ከፍቶ «መጠን ይጠበቃል» የሚል ያገኛል፤ ስለዚህም ደንበኛው ያላዘዘውን የ500 ብር አየር ሰዓት ይሞላል። ጌትዌዩ ለእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ የሴሽን መለያ፣ ማለትም ያንን አንድ ንግግር ብቻ የሚወክል ኮድ፣ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የዘገየው መልእክት የአሮጌውን ንግግር መለያ ይዞ ስለሚመጣ ከአዲሱ ጋር ሊደባለቅ አይችልም። መነሻው ናይሮቢ የሆነው አፍሪካስ ቶኪንግ የተባለው አገልግሎት ለፕሮግራም ሠሪዎች የሚልከው ጥያቄ፣ ዋና ዋናው ብቻ ሲወሰድ፣ የሚከተለውን ይመስላል፦

```
sessionId=b7e1c94f
phoneNumber=+2519XXXXXXXX
text=1
```

ፕሮግራሙ ምላሹን የሚጀምረው ንግግሩ እንዲቀጥል ከፈለገ `CON`፣ እንዲያበቃ ከፈለገ `END` በሚለው ቃል ነው። እዚህ ምሳሌ ላይ ያለው መለያ ለንባብ እንዲያመች አጥሯል፤ በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚውለው ከዚህ ይረዝማል።

ተጠራጣሪ፦ መለያው ከተገኘ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ በራሱ ሚሞሪ ውስጥ ከመለያው ትይዩ «የተቀባዩ ቁጥር ይኼ፣ ቀጥሎ የሚጠበቀው መጠን» ብሎ ይያዝ። ይህን ያህል ትንሽ ማስታወሻ ከመያዝ እየሸሹ ስቴትለስ በሚል ስም መመጻደቅ አያስፈልግም።

አስረጂ፦ በአንድ ሰርቨር ላይ በትክክል ይሠራል፤ አሳሳቹም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራም ሠሪው ፕሮግራሙን የሚፈትነው በገዛ ኮምፒውተሩ፣ በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። ደንበኛ ሲበዛ ሰርቨሩ ሁለት ይሆናል፤ ከፊታቸውም ሎድ ባላንሰር የሚባል ሥራ አከፋፋይ ይቆምና የመጣውን ጥያቄ ለአንዱ ወይም ለሌላው ይሰጣል። አራት ጥያቄ ያለውን ንግግር ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያርፋል፤ ቀሪዎቹ ሦስት እያንዳንዳቸው ወደዚያው ሰርቨር የመሄድ ዕድላቸው፣ ክፍፍሉ በዘፈቀደ ከሆነ፣ ግማሽ ነው። ሦስቱም ወደዚያው የመሄዳቸው ዕድል የግማሽ ግማሽ ግማሽ፣ ማለትም ከስምንት አንድ ይሆናል። ሌሎቹ ሰባት ንግግሮች አንድ ቦታ ላይ ማስታወሻቸው ወደሌለበት ሰርቨር ይሄዳሉ፤ ደንበኛው መጠን አስገብቶ ሳለ የመነሻውን ምናሌ እንደገና ያያል። የችግሩ ምልክትም ይህ ነው፦ ሁልጊዜ አይከሰትም፣ ሰርቨር በተጨመረ ቁጥር ይብሳል፣ ሰርቨሩ ወደ አንድ ሲመለስ ግን ድራሹ ይጠፋል።

ተጠራጣሪ፦ ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ሎድ ባላንሰሩ አንዴ የጀመረውን ደንበኛ ሁልጊዜ ወደዚያው ሰርቨር እንዲልክ ማዘዝ ይቻላል።

አስረጂ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን አከፋፋዩ ደንበኛን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በላኪው የኢንተርኔት አድራሻ ወይም በኩኪ ነው፤ ኩኪ ማለት ሰርቨሩ ሰጥቶት ብራውዘሩ በየጥያቄው መልሶ የሚያመጣው ትንሽ ጽሑፍ ነው። በዩኤስኤስዲ ብራውዘር የለም፤ ጌትዌዩም ኩኪውን ለየስልኩ ለይቶ ይይዛል ተብሎ አይታሰብም። አድራሻውም ቀደም ሲል እንደታየው የጌትዌዩ ነው፤ ስለዚህ በአድራሻ የሚመራ አከፋፋይ አገር ምድሩን ሁሉ ወደ አንዱ ሰርቨር ልኮ ሌላውን ሥራ ያስፈታዋል። መለያውን ከጥያቄው አካል ውስጥ ፈልጎ የሚያነብ አከፋፋይ ቢገኝ እንኳ፣ አንዱ ሰርቨር ለእድሳት ሲጠፋ በሚሞሪው የያዛቸው ንግግሮች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። በሆስፒታል የካርድ ክፍል ያለው አሠራር ይህን ያቀልለዋል፦ የታካሚው ታሪክ በሐኪሙ ጭንቅላት ሳይሆን በካርዱ ላይ ስለተጻፈ፣ ተረኛው ሐኪም ማንም ይሁን ማን፣ በካርድ ቁጥሩ አስወጥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። በሰርቨሮቹም ዘንድ ማስታወሻው ሁሉም በሚደርሱበት የጋራ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሬዲስ የሚባለው፣ መረጃን በሚሞሪ የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ ነው፦

```
SET ussd:b7e1c94f "step=amount;to=09XXXXXXXX" EX 180
GET ussd:b7e1c94f
```

የመጀመሪያው ትእዛዝ ማስታወሻውን በመለያው ስም ይጽፍና ከ180 ሴኮንድ በኋላ በራሱ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ሁለተኛው፣ ከየትኛውም ሰርቨር ቢመጣ፣ መልሶ ያነበዋል። የጊዜ ገደቡ መኖር አለበት፤ ደንበኛ ስልኩን ዘግቶ ሲሄድ ተሰናብቶ ስለማይሄድ፣ ገደብ ከሌለ የተተዉ ንግግሮች ማከማቻውን እየሞሉ ይቆያሉ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ ሰርቨሩ አያስታውስም ሲባል የቆየው ነገር ትክክለኛ ስሙን አገኘ፤ ሁኔታው አልጠፋም፣ ቤት ቀየረ። ሥርዓቱ በጠቅላላው ያስታውሳል፤ ከዚህ ቀደም አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ግማሹ ንግግር ይበላሽ ከነበረ፣ አሁን ማከማቻው ሲወድቅ ሁሉም ይበላሻል። ይህ ማሻሻል ነው ወይ?

አስረጂ፦ ክሱ እውነት ነው፤ ሁኔታ የሌለው የገንዘብ ዝውውር የለም። የተገኘው ትርፍ ማስታወሻው ያለበት ቦታ መታወቁ ነው። ሰርቨሮቹ ሲጨመሩ፣ ሲቀነሱ፣ በሥራ ሰዓት ሲታደሱ አንድም ንግግር አይበላሽም፤ ጥበቃው፣ ቅጂ ማኖሩና ክትትሉ በአንድ ቦታ ላይ ይተኮራል። ሮይ ፊልዲንግ በ2000 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ሬስት የተባለውን የአሠራር ንድፍ ሲዘረዝር፣ ሁኔታ አለመያዝ ሥርዓቱን ለማስፋትና ከብልሽት ለማገገም እንደሚያቀል አስቀምጦ፣ ዋጋውንም አልደበቀም፦ ተመሳሳይ መረጃ በየጥያቄው እየተደገመ መላኩ ነው። በእርሱ ጥብቅ አመለካከት የንግግሩ ሁኔታ መቀመጥ ያለበት ከጠያቂው ዘንድ ነው፤ በሰርቨሩ በኩል በመለያ የሚፈለግ ማስታወሻ ከዚያ ጥብቅነት ያፈነገጠ መሆኑ መታመን አለበት።

ተጠራጣሪ፦ የፊልዲንግ መንገድ ታዲያ ለምን አይመረጥም? ከላይ የተጠቀሰው ጌትዌይ `text` በሚለው ቦታ የሚልከው የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ የጻፈውን ሁሉ በኮከብ እየለየ ይልካል። በአራተኛው መልስ ላይ ምርጫው፣ ተቀባዩ፣ መጠኑና የምስጢር ቁጥሩ አንድ ላይ ይደርሳሉ። ማከማቻም አያስፈልግም፣ የሚወድቅም ነገር የለም፣ የሴሽን መለያውም ትርፍ ይሆናል። ጥያቄው ራሱን ችሎ ይነበባል፤ የስቴትለስ ትርጉምም ይኸው ነበር።

አስረጂ፦ ይህ ከቀረቡት ተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ለአጭርና ገንዘብ ለማይነካ ምናሌ፣ ለምሳሌ የገበያ ዋጋ ለማየት፣ የሚሻለው መንገድም ይህ ነው። ገንዘብ ሲገባበት ግን ሦስት ነገሮች ይፈትኑታል። አንደኛው ስሕተት የታረመበት ንግግር ነው። ደንበኛው በመጠን ቦታ ላይ በስሕተት 50000 ጻፈ፣ ምናሌው «ከገደብ በላይ ነው፣ እንደገና ያስገቡ» አለው፣ ከዚያም 500 አለ እንበል፤ የሚደርሰው ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል፦

```
text=1*09XXXXXXXX*50000*500
```

«አራተኛው ቦታ የምስጢር ቁጥር ነው» ብሎ የተጻፈ ፕሮግራም 500ን እንደ ምስጢር ቁጥር ያነባል። ፕሮግራሙ ይህን ለማስተካከል ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በየጊዜው ደግሞ ማስኬድ፣ የትኛው መልስ ያን ጊዜ ውድቅ እንደተደረገ ማስላት ይኖርበታል፤ ገደቡ ራሱ በመሃል ከተቀየረ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ሁለተኛው ምስጢር ነው፦ የምስጢር ቁጥሩ አንዴ ከተጻፈ በኋላ በሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ እየተደገመ ይጓዛል፤ ሰርቨሮች የመጣላቸውን ጥያቄ በመዝገብ ፋይል የመያዝ ልማድ ስላላቸውም፣ መጥፋት የነበረበት ቁጥር በፋይሉ ላይ ቀርቶ ይገኛል። ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነው፤ እርሱም ድግግሞሽ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ድግግሞሽ ማለት የአንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መምጣት ከሆነ፣ ለምን ይመጣል?

አስረጂ፦ በደንበኛውና በሰርቨሩ መካከል ካሉት ማናቸውም አስተላላፊዎች አንዱ ምላሽ በጊዜ ሳይደርሰው ሲቀር ያንኑ ጥያቄ ዳግም ሊልክ ይችላል፤ የጠፋው ግን ጥያቄው ሳይሆን ምላሹ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ 500 ብሩን አስተላልፎ «ተልኳል» የሚለው ምላሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ጥያቄው እንደገና መጣ። እያንዳንዱን ጥያቄ ራሱን እንደቻለ አዲስ ጥያቄ ለሚያይ ሰርቨር ሁለተኛው ከመጀመሪያው በምንም አያንስም፤ ሙሉ መረጃ አለው፣ ትክክለኛ ነው፣ ስለዚህ ሌላ 500 ብር ይልካል። ራስን መቻል እዚህ ላይ በደንበኛው ላይ ይዞራል። የሴሽን መለያ ካለ ግን የዝውውሩ ሰንጠረዥ አንድን መለያ ከአንድ ደረጃ ጋር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል በዳታቤዙ ይታዘዛል፦

```
UNIQUE (session_id, step)
```

ዳግም የመጣው ጥያቄ ለመጻፍ ሲሞክር ዳታቤዙ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙም የመጀመሪያውን ውጤት አንብቦ «ተልኳል» የሚለውን ያንኑ ምላሽ ይደግማል። ገንዘቡ የተነሳበት ጽሑፍና ይህ መለያ በአንድ የዳታቤዝ ግብይት ውስጥ አብረው መጻፍ አለባቸው። አስቀድሞ «ተልኳል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ከዚያ መጻፍ አይበቃም፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት በሁለት ሰርቨሮች ላይ ቢያርፉ ሁለቱም «አልተላከም» የሚል መልስ ያገኛሉና። ይህ መዝገብ በ180 ሴኮንድ በሚጠፋው ማከማቻ ውስጥም መቀመጥ የለበትም፤ የንግግሩ ማስታወሻ ሊጠፋ ይችላል፣ የተላለፈ ገንዘብ ምስክር ግን ይቆያል።

ተጠራጣሪ፦ መለያው ይህን ያህል ኃይል ካለው በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚያደርሰውም ጉዳት እንዲሁ ነው። በድረ ገጽ ዓለም ይህ ታይቷል፤ በ2010 የወጣው ፋየርሺፕ የተባለው የብራውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ባልተመሰጠረ ዋይፋይ ላይ የሚያልፉ የሴሽን ኩኪዎችን ለቅሞ፣ የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ በሌላው ሰው ስም መግባትን ለማንም ቀላል አድርጎት ነበር።

አስረጂ፦ በብራውዘር በኩል መለያው የቁልፍ ያህል ነው፤ የያዘው ሁሉ ይከፍታል። ስለዚህ ሊገመት በማይችል መልኩ በዘፈቀደ መፈጠር፣ በተመሰጠረ መስመር ብቻ መጓዝ፣ ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ባስገባበት ቅጽበትም በአዲስ መተካት ይኖርበታል። በዩኤስኤስዲ ግን መለያውም ስልክ ቁጥሩም የሚመጡት ከጌትዌዩ ስለሆነ አደጋው በሌላ በር ይገባል፦ የኤፒአዩን አድራሻ ያወቀ ሰው የፈለገውን መለያና የፈለገውን ስልክ ቁጥር ጽፎ ራሱን ጌትዌይ አስመስሎ ሊልክ ይችላል። ሰርቨሩ ጥያቄው በእርግጥ ከጌትዌዩ መምጣቱን በአድራሻው፣ በጋራ ምስጢር ወይም በግል መስመር ማረጋገጥ አለበት። የሴሽን መለያ የትኛው መልእክት ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይናገራል፤ ላኪው ማን እንደሆነ አይመሰክርም።

ተጠራጣሪ፦ አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ቀርቷል። «ተልኳል» የሚለው ምላሽ የጠፋበት ደንበኛ ጌትዌዩ እስኪደግምለት አይጠብቅም፤ ራሱ እንደገና ይደውላል። አዲስ ጥሪ አዲስ መለያ ያመጣል፤ ዳታቤዙ የሚከለክለው የአሮጌውን መለያ ድግግሞሽ ብቻ ነው። ስለዚህ በሰው እጅ የሚደረገው፣ ከማሽኑ ድግግሞሽ ይልቅ የተለመደው፣ ሁለተኛ ዝውውር ያለ ምንም እንቅፋት ያልፋል።

አስረጂ፦ ያልፋል፤ የሴሽን መለያ ድንበርም እዚህ ላይ ነው። መለያው በአንድ ንግግር ውስጥ ያሉትን መልእክቶች ያያይዛል፤ በሁለት ንግግሮች ውስጥ የተገለጠን አንድ ፍላጎት ግን ሊያውቅ አይችልም፤ ሁለተኛው 500 ስሕተት ይሁን ሌላ እውነተኛ ክፍያ ከመለያው አይነበብም። ይህን ሊለይ የሚችለው ደንበኛው ብቻ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በዚያው ስልክ ቁጥር፣ ለዚያው ተቀባይ፣ በዚያው መጠን ከደቂቃዎች በፊት የተፈጸመ ዝውውር መኖሩን ከቋሚው መዝገብ አይቶ፣ «ይህ ገንዘብ አሁን ተልኳል፤ እንደገና ይላክ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ የሌለበት የገንዘብ ምናሌ፣ የሴሽን መለያውን በምንም ያህል ጥንቃቄ ቢይዝ፣ ለሥራ ዝግጁ አይደለም።